ከፎቶ ላይ ስምና አድራሻ ወደ አማርኛ ሲገለበጥ፦ ሰይድ እንዴት ሰዒድ ይሆናል?

ከጅዳ ወይም ከሪያድ በዋትስአፕ የሚላክ የፓስፖርት ወይም የኢቃማ ፎቶ በየቤታችን አዲስ ነገር አይደለም። ውክልና ሊረቀቅ፣ የወራሽነት አቤቱታ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊጻፍ ወይም የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ሊወጣ ሲል «ስሙን ከዚህ ላይ ውሰዱት» ተብሎ ይመጣል። ፎቶው ላይ ያለው ስም በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ፊደል ነው፤ የሚጻፈው ወረቀት ግን አማርኛ ነው። እዚህ ላይ የምትፈጠር የአንድ ፊደል ልዩነት ኋላ «ይህ ሰውና ያ ሰው አንድ ናቸው ወይ?» የሚል ጥያቄ ታስነሳለች። ጥያቄው የሚነሳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ውክልናው በቆንስላ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ፣ አዲስ አበባ ገብቶ ከካርታውና ከሞት ምስክር ወረቀቱ ጎን ሲቀመጥ ነው። ያኔ መፍትሔው ወይ አዲስ ውክልና ከባሕር ማዶ ማስመጣት ነው፣ ወይ ምስክር ቆጥሮ «አንድ ሰው ስለመሆኑ» ማረጋገጫ መጠየቅ ነው። ሁለቱም ወራት ይበላሉ።

በብስራተ ገብርኤልና በአካባቢዋ ለጎረቤትና ለዘመድ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲዘጋጅ የምናየው ችግር አብዛኛው ከአንድ የተሳሳተ ሐሳብ የሚመነጭ ነው። ሰው ስሙን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ «እንተረጉማለን» ብሎ ይነሳል። የኢትዮጵያዊ ስም ግን መጀመሪያውኑ አማርኛ ላይ ተጽፎ የነበረ ነው፤ እንግሊዝኛው ከዚያ የተቀዳ ነው። ስለዚህ ሥራው አዲስ አጻጻፍ መፍጠር ሳይሆን የቀድሞውን አጻጻፍ ፈልጎ ማግኘት ነው።

ስሙ የሄደበት መንገድ

ለማስረዳት እኛው ያቀናበርነውን ስም እንያዝ። ፓስፖርቱ ላይ `SEID KEDIR MOHAMMED` ተብሎ ተጽፏል እንበል። ይህ ሰው ወሎ ተወልዶ፣ ብስራተ ገብርኤል አድጎ፣ ጅዳ የሚሠራ ነው። አባቱ አርፈዋል፤ ቤቱ በአባቱ ስም ነው፤ ወራሾቹ አራት ናቸው፤ እሱ ለታናሽ እህቱ ውክልና ይልካል።

ስሙ መጀመሪያ በትምህርት ቤት መዝገብና በቀበሌ መታወቂያ ላይ በአማርኛ ተጻፈ። አስተማሪ የነበርን ሰዎች እናውቀዋለን፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ፎርም ላይ የልጁን ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚያስሞላው የክፍሉ ኃላፊ ነው። ወላጅ ያላሰበበት አጻጻፍ ያን ቀን ተጽፎ የዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፓስፖርት ሲወጣ አማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ተገለበጠ። ከዚያ ሳዑዲ ሲገባ የኢቃማው ዐረብኛ ተጻፈ፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተቀዳው ከፓስፖርቱ እንግሊዝኛ ነው። አሁን እኛ እጅ ላይ ያለው የሦስተኛው ቅጂ ፎቶ ነው።

በየደረጃው የሚጠፋ ነገር አለ። የእንግሊዝኛው `K` ከ፣ ቀ እና ኸን አንድ ያደርጋል። `T` ተ እና ጠን ይጨፈልቃል፤ ፋጡማ፣ ሙስጠፋ፣ ሱልጣን በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ጠ የሚባል ነገር አይታይባቸውም። `H` ሀን፣ ሐን፣ ኀን ሁሉ ይዟል፤ አንዳንዴም ዝም ብሎ ይዋጣል። አናባቢውም እንደዚያው ነው። `E` አንዴ ግዕዝ ነው፣ አንዴ ኃምስ፣ አንዴ ሳድስ፤ `I` ሳልስም ሳድስም ይሆናል። ስለዚህ `KEDIR` ከሚለው ፎቶ ብቻ ተነስቶ ከድር፣ ኸድር፣ ከዲር፣ ቀድር ቢጻፍ ሁሉም ከእንግሊዝኛው ጋር አይጣሉም። ትክክሉ ግን አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም እንግሊዝኛው አይነግረንም።

ዐረብኛ የተማረ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ

ይህ ክፍል ለእኛ ለዲን ትምህርት ሰዎች ነው፤ ለዚህም ትንሽ እንቆይበት።

ኢቃማው ላይ ዐረብኛ ሲያይ ቁርኣን የቀራ ሰው ልቡ ይረጋል፤ «ይኸውና ዋናው» ይላል። ግን እንዳልነው ዐረብኛው ዋናው አይደለም። የአባቱ ስም ከድር የመጣው ኺድር ከሚለው የዐረብኛ ስም ነው፤ በኻእ፣ በዷድና በራእ የሚጻፍ። የኢቃማው ጸሐፊ ግን ኺድር የሚል ስም አላየም፤ ያየው `KEDIR` ነው። ስለዚህ ካፍ፣ ዳል፣ ያእ፣ ራእ አድርጎ ይጽፈዋል። ያንን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከዲር ይላል፣ ወይም አናባቢ ስለሌለው ኩደይር ብሎ ያነበዋል። በአያቶቹ መንደር ማንም ያልተጠራበት ስም ተወለደ ማለት ነው።

የባሰው ሰይድ ነው። ሰይድ እና ሰዒድ በአማርኛ የሚመሳሰሉ ሁለት የተለያዩ የዐረብኛ ስሞች ናቸው። ሰይድ ከሰይዪድ ነው፤ ሲን፣ ያእ፣ ዳል። ሰዒድ ግን መሐሉ ላይ ዐይን አለበት፤ ደስተኛ፣ ዕድለኛ ማለት ነው። ወሎ ውስጥ ሁለቱም ስሞች አሉ። በእንግሊዝኛ `SEID` ብዙ ጊዜ ለሰይድ፣ `SAID` ደግሞ ለሰዒድ ወይም ሰኢድ ይውላል፤ ነገር ግን ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ኢቃማው ላይ ሰዒድ ተብሎ በዐይን ቢጻፍ፣ ያ የሚነግረን የሳዑዲው ጸሐፊ `SEID`ን እንዴት እንደሰማው ብቻ ነው። ከዚያ ተነስተን ውክልናው ላይ ሰዒድ ብለን ጽፈን፣ የእህትየው መታወቂያና የአባትየው የሞት ሰነድ ሰይድ ቢሉ፣ በወረቀት ላይ አንድ ወንድም ጠፍቶ ሌላ ተጨምሯል። በውርስ ጉዳይ ይህ ቀላል አይደለም፤ አራት ወራሾች የነበሩት አምስት መስለው ሊታዩ ይችላሉ።

ሌላው ፈተና የማረም ፍላጎት ነው። ፋጡማን ፋጢማ፣ አንሻን ዓኢሻ፣ ከዲጃን ኸዲጃ፣ ኡመርን ዑመር ማድረግ ለተማረ ሰው ያጓጓል። በመድረሳ ሰሌዳ ላይ ይሁን፤ ሰነድ ላይ ግን አይሆንም። አንሻ ተብላ የተመዘገበች እናት በሕግ ፊት አንሻ ናት። ስሟን ማስተካከል ከፈለገች ራሷ በሕግ መንገድ ትጠይቅ እንጂ ውክልና የሚያረቅ ጎረቤት አያደርግላትም።

የሚገርመው፣ ይህን ጥንቃቄ ከማንም በላይ የምናውቀው መሆን ነበረብን። የሐዲስ ሊቃውንት በመልክ አንድ ሆነው በንባብ የሚለያዩ ስሞችን ለይቶ የማወቅ ዘርፍ አላቸው፤ አል ሙእተሊፍ ወል ሙኽተሊፍ ይባላል። በ385 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አድ ዳረቁጥኒ በዚሁ ርዕስ ኪታብ ጽፈዋል። ሰላም እና ሰላምን ያለ ሸዳና በሸዳ፣ ሒዛምን ከሐራም ይለያሉ። ነጥብና ሐረካ በገልባጭ እጅ ስለሚጠፋ ፊደሉን በቃል ይገልጹታል፤ «ነጥብ በሌላት ሓእና በዛይ» እያሉ ይጽፋሉ። የእኛም ፊደል ለዚህ የሚሆን መጠሪያ አለው። ስልክ ደውለን ስም ስናጣራ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ አልፋው አ፣ ዓይኑ ዐ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ እያልን መጠየቅ እንችላለን። «ሙሐመድ በየትኛው ሐ ነው የተጻፈው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እንዲህ ሲጠየቅ ነው።

አንድ ስም በአሥራ ሁለት መልክ

የአያቱን ስም እንየው። `MOHAMMED` ሲታይ የመጀመሪያው ፊደል ሙ፣ መ ወይም ሞ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሐ፣ ሀ፣ ሃ ወይም ሓ። ሦስት በአራት ሲባዛ 12 አጻጻፍ ይሆናል፤ ሁሉም ሲነበቡ ይቀራረባሉ፤ ሁሉንም በሰው መታወቂያ ላይ ብናገኝ አይደንቀንም።

ለሰው ጆሮ አንድ ናቸው እንበል፤ ለኮምፒውተር ግን አይደሉም። ሀ እና ሐ በኮምፒውተሩ ውስጥ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ሀ `U+1200`፣ ሐ `U+1210`። ስለዚህ መሀመድ ተብሎ የተመዘገበን ሰው መሐመድ ብሎ የሚፈልግ ባለሙያ፣ ሲስተሙ ሁለቱን እንዲያመሳስል ካልተሠራ በቀር፣ «የለም» የሚል መልስ ያገኛል። አንዳንድ ሰው መስኮት ላይ ቆሞ «ፋይሌ ጠፋ» ተብሎ የሚመለሰው ፋይሉ ጠፍቶ ሳይሆን በሌላኛው ሐ ስለተፈለገ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሌሎቹን አጻጻፎች ጽፈው እንዲሞክሩ በትሕትና መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

እንግዲህ ከ12ቱ የትኛው? ቅደም ተከተሉ እኛ ዘንድ ይህ ነው። በመጀመሪያ የራሱ የባለስሙ የአማርኛ ሰነድ ይፈለጋል። ከሁሉም የሚቀናው አማርኛና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን የያዘ ነው፤ የፋይዳ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም የቀበሌ መታወቂያ። በዚያ ላይ `MOHAMMED` ከመሐመድ ጎን ተቀምጦ ከተገኘ ክርክሩ አለቀ። እሱ ከሌለ የትምህርት ማስረጃ ይታያል። እሱም ከሌለ የቅርብ ቤተሰብ ሰነድ ይታያል፤ ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ወንድምና እህት የአባታቸውን ስም በተለያየ ፊደል ማስመዝገባቸው የተለመደ ነውና። ምንም ካልተገኘ ባለቤቱ ተጠይቆ፣ በእጁ ጽፎ ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ይደረጋል። የድምፅ መልእክት አይበቃም፤ ሀ እና ሐን ድምፅ አይለይም።

የባሕር ማዶ ሰው ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። የየመን ወይም የሱዳን ዜጋ የሆነ ባል ስም በኒካሕ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ቀድሞ የነበረ አማርኛ የለውም። ያኔ ዐረብኛው ዋናው ነው፤ እንግሊዝኛው ቅጂ ነው። ዐረብኛ ማወቃችን የሚጠቅመውም እዚህ ነው፤ ቃፍን በቀ፣ ካፍን በከ፣ ኻእን በኸ፣ ጧእን በጠ፣ ሓእን በሐ፣ ሃእን በሀ፣ ዐይንን በዐ ቤት እንጽፋለን። ሷድና ዷድ የራሳቸው ፊደል ስለሌላቸው በሰ እና በደ ቤት ይገባሉ፤ ሷሊሕና ረመዷን የሚለው የእኛ ጽሑፎች ልማድ ወፍራም ድምፁን ለማሳየት ነው። ያንን ልማድ ለመጠቀም ከተወሰነ በፋይሉ ሁሉ መዝለቅ አለበት፤ ገጽ አንድ ላይ ሷሊሕ፣ ገጽ ሦስት ላይ ሳሊህ ከሆነ ባይጀመር ይሻል ነበር።

የማይገጣጠሙ ሰነዶች ሲገጥሙ

ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፣ እህትየው የምታመጣቸው ወረቀቶች እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ። በሰይድ የድሮ መታወቂያ ላይ ሰይድ ከድር መሐመድ ተብሏል። በአባትየው የሞት ምስክር ወረቀት ላይ አባትየው ኸድር መሀመድ ናቸው። በቤቱ ካርታ ላይ ከድር ሙሐመድ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ወጥ እናድርገው» ብሎ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ ይጽፋል። ይህ ወጥነት አይደለም። ወጥነት ማለት አንድ ሰነድ በተጠቀሰ ቁጥር ሰነዱ ላይ ያለው አጻጻፍ ሳይለወጥ መጠቀሱ ነው። ካርታው ሲጠቀስ ከድር ሙሐመድ፣ የሞት ሰነዱ ሲጠቀስ ኸድር መሀመድ። በአቤቱታው ወይም በውክልናው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ አንዱ እንደ ዋና ተይዞ ሌላው በግልጽ ይገናኛል፤ «በካርታው ላይ ከድር ሙሐመድ፣ በሞት ምስክር ወረቀት ላይ ኸድር መሀመድ ተብለው የተጠቀሱት ወላጅ አባቴ» ብሎ። ልዩነቱን የሸፈነ ወረቀት ያስጠረጥራል፤ ልዩነቱን የተናገረ ወረቀት ግን ለዳኛውም ለመዝጋቢውም መያዣ ይሰጠዋል። ለባለሥልጣኑ በቂ መሆኑን የሚወስነው እሱ ነው፤ አንዳንዱ ተጨማሪ ማረጋገጫ ከወረዳ ይጠይቃል። ቢሆንም ጥያቄው መጀመሪያ ቀን ይነሳል እንጂ ወረቀቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ አይነሳም።

ይህን ለመያዝ አንዲት ገጽ ወረቀት ትበቃለች። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ልብ ይባል፣ ለእያንዳንዱ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው፣ አንድ መስመር ይሰጠዋል። ፎቶው ላይ እንዳለ የተቀዳው እንግሊዝኛ፣ የተገኘው አማርኛ፣ የተገኘበት ሰነድ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አያቱ መሐመድ፣ አጎቱ ሙሀመድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱም `MOHAMMED` ስለሆኑ ብቻ አንድ መልክ አይሰጣቸውም።

በአብዱል የሚጀምሩ ስሞች የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። `ABDUL KADIR` ተብሎ ተለያይቶ የተጻፈውን አብዱል ቃድር ብሎ ለይቶ መጻፍ፣ አብዱል የሚባል ልጅና ቃድር የሚባል አባት ይፈጥራል። የአባትና የአያት ስም በሚቆጠርበት በእኛ ሥርዓት አንድ ትውልድ ይጨመራል ማለት ነው። የአማርኛ ሰነዱ ተገናኝቶ ከጻፈው አብዱልቃድር ይባላል። ሰነዱ ራሱ ለይቶ ከጻፈው ግን እንዳለ ተቀድቶ፣ አንድ ስም መሆኑ በዐረፍተ ነገሩ ይገለጻል።

ፎቶው ራሱ

አጻጻፉን ከመፈለጋችን በፊት ፎቶው ምን እንደሚል በትክክል ማንበብ አለብን። ዋትስአፕ ፎቶን ጨፍልቆ ይልካል፤ ስለዚህ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ወይም ዶክመንት እንዲላክ ይጠየቅ። ላሚኔት የሆነ መታወቂያ በፍላሽ ሲነሳ መሐሉ ነጭ ይሆናል፤ በመስኮት ብርሃን፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተቀምጦ፣ አራቱም ማዕዘን እየታየ፣ ፊትና ጀርባው ይነሳ።

አማርኛ በተጻፈ ሰነድ ፎቶ ላይ ቶሎ የሚጠፉት የፊደል ራሶች ናቸው። ኸ ያለ ራሱ ከ ነው፤ ጀ ያለ ራሱ ደ ነው፤ ሸ ያለ ራሱ ሰ ነው። ስለዚህ ኸድር ደብዛዛ ፎቶ ላይ ከድር ሆኖ ይነበባል። ሙ እና መን የምትለየው ደግሞ በጎን ያለች አንዲት ጭረት ናት፤ ሙሐመድና መሐመድ የሚለያዩት በእሷ ነው። ማወቂያው ይህ ነው፤ እዚያው ሰነድ ላይ ያው ፊደል ጥርት ብሎ የታየበት ሌላ ቦታ ይፈለግና ጎን ለጎን አጉልቶ ይታያል። «ሙያ» የሚለው የታተመ ቃል ላይ ያለውን ሙ ከስሙ ፊደል ጋር ማስተያየት ለምሳሌ ይቻላል፤ በእጅ ለተጻፈ ግን የዚያው ሰው እጅ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ሙ መፈለግ ነው።

የፓስፖርት ፎቶ ላይ እንግሊዝኛው ካልታየ ከታች ያሉት ሁለት የማሽን መስመሮች ይረዳሉ። እያንዳንዳቸው 44 ምልክት አላቸው፤ ስሙ ያለው በላይኛው ነው። የአያቱ ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ከተሞላ የምሳሌያችን መስመር ይህን ይመስላል፦

```
P<ETHMOHAMMED<<SEID<KEDIR<<<<<<<<<<<<<<<<<<<
```

ከሁለቱ ምልክቶች `<<` በፊት ያለው በቤተሰብ ስም ቦታ የተጻፈው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው የራሱና የአባቱ ስም ነው። ቅደም ተከተሉን ያላወቀ ሰው መሐመድ ሰይድ ከድር ብሎ ይጽፍና አያቱን ልጅ ያደርገዋል። ሌላም ማስታወስ ያለብን ነገር አለ። በሁለተኛው መስመር ላይ የፓስፖርቱ ቁጥር፣ የልደት ቀኑና የማብቂያ ቀኑ ስሕተት የሚያሳይ ማረጋገጫ አኃዝ አላቸው፤ ስሙ ግን የለውም። ስለዚህ መስመሩን በስልክ መተግበሪያ አንብቦ «ትክክል» የሚል መልስ ማግኘት ስሙ በትክክል ተነብቧል ማለት አይደለም። ስሙ በዓይን፣ ፊደል በፊደል ይመሳከር።

አድራሻው

አድራሻ ከስም ይቀላል፤ ምክንያቱም የቦታ ስም የአንድ ሰው አይደለም፣ ሁሉም የሚያውቀው አጻጻፍ አለው። ሆኖም በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በፊደል የሚከተል ሰው እዚህም ይስታል። `Bisrate Gebriel`ን ቢስራቴ ጌብሪኤል ብሎ የጻፈ ወረቀት ገጥሞናል። እንግሊዝኛውን ካየን ጸሐፊው አላጠፋም፤ `i` ሳልስ፣ `e` ኃምስ መስሎታል። እዚህ ግን `i` ሳድስ ነው፣ `e` ግዕዝ ነው፤ ብስራተ ገብርኤል። አንዳንዱ ደግሞ ብሥራተ ብሎ በንጉሡ ሠ ይጽፋል፤ እሱም ልክ ነው፤ ግን በአንድ ፋይል ውስጥ አንዱ ይመረጥ።

ክፍለ ከተሞቹ ላይ `K` ያው ወጥመዱን ይዘረጋል። `Kolfe Keranio` ኮልፌ ቀራኒዮ ነው፤ በሁለቱ ቃላት የመጀመሪያ ፊደል ያለው አንድ `K` የተለያየ ፊደል ነው። `Akaki Kality` አቃቂ ቃሊቲ፣ `Kirkos` ቂርቆስ፤ `Addis Ketema` ግን ከተማ ነው። ወሎ ውስጥ `Kalu` ቃሉ ነው፣ `Kombolcha` ግን ኮምቦልቻ። ቦታውን የማያውቅ ሰው ሊገምተው አይችልም፤ ከወረዳው ማህተም ወይም ከሌላ የአማርኛ ሰነድ ይቅዳ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው አድራሻውን «ማዘመን» ነው። በአባትየው አሮጌ ካርታ ላይ ከፍተኛ እና ቀበሌ የሚል ሊኖር ይችላል፤ ያ የደርግ ዘመን አከፋፈል ነው። በ1995 ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ የቀበሌዎቹም ቁጥር ተለወጠ፤ ኋላም ወረዳ መጣ፤ በ2013 ለሚ ኩራ ተጨመረ። ስለዚህ አሮጌው «ቀበሌ» ላይ ያለውን ቁጥር «ወረዳ» ብሎ መጻፍ ሌላ ቦታ መጻፍ ነው። ካርታው ላይ ያለው እንዳለ ይቀመጣል፤ ከዚያ በተለየ ዐረፍተ ነገር «አሁን በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ ይህን ያህል» ይባላል። ለዚህም ከወረዳው ማስረጃ ቢኖር ይመረጣል።

የጅዳው አድራሻ ላይ ከተማው በለመድነው መልክ ይጻፋል፤ ጅዳ፣ ሪያድ፣ መካ፣ መዲና። መንገድ፣ ሕንፃ፣ ፎቅ የሚሉት ይተረጎማሉ፤ የሰፈሩ ስም ግን ከዐረብኛው በድምፁ ይጻፋል። ሳዑዲዎች አራት የእንግሊዝኛ ፊደልና አራት አኃዝ ያለው አጭር የአድራሻ ኮድ አላቸው፤ እሱ ወደ ፊደላችን አይገለበጥም፣ እንዳለ ይቀመጣል።

በአገራችን መታወቂያ ላይ ደግሞ `H.No. New` የሚል ያጋጥማል። ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ማለት ነው። «የቤት ቁጥር ኒው» ተብሎ ተጽፎ አይተናል፤ የሚጻፈው የቤት ቁጥር፦ አዲስ ተብሎ ነው፤ መታወቂያው ጀርባ ላይ አማርኛው ራሱ ካለ ደግሞ ከዚያ ይቀዳል።